ሁለተኛው መርፌ መቼ ነው? ለእርግዝና ክትትል ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለእርግዝና ክትትል ክፍል ኃላፊዎች፣ እዚያ ለምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች፣ እንዲሁም የክትባት መዝገብ ለምትይዙ ሁሉ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሩቅ ሆኖ እንደሚወቅስ ሰው አትዩብኝ። ወረፋው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንዷን እናት መርምሮ፣ መዝግቦ፣ አስረድቶ ለመሸኘት የሚቀረው ደቂቃ ስንት እንደሆነም አውቃለሁ።

ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሮች ስለሚወስዱት የቴታነስ ክትባት፣ በተለይም ስለሚሰጥበት ሳምንት። መርፌውን እየሰጣችሁ ነው፤ እዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ቀኑ ላይ ነው። አንዲት እናት በሦስተኛ ወሯ ስትመጣ "ገና ነሽ፣ ሆድሽ ገፋ ሲል ነይ" ትባላለች። ሌላዋ ክንዷን ተወግታ "በወሩ ተመለሺ" ተብላ ትሸኛለች። ለምን በወሩ? ለምን ሁለት ጊዜ? የሚነግራት የለም። ምክንያቱን ካልነገርናት ደግሞ ባትመለስ እኔ አልፈርድባትም። ክንዷን ያማት መርፌ ነው፤ በዚያ ላይ የትራንስፖርቱና የሥራው ጣጣ አለ።

ምክንያቱ ግን አለ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቀኑን አይዘነጋም ብዬ ስለማምን ከሥሩ ልጀምር።

መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥና የእንስሳት እበት ውስጥ ይኖራል። ሲመቸው ይራባል፤ ሳይመቸው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። እንዲህ ተደብቆ ያለውን በቀላል ማጽጃ ማጥፋት አይቻልም። ከምድር ላይ ጠራርጎ ማጥፋትማ ፈጽሞ አይታሰብም። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም የጎረቤት መከተብ ለሌላው ከለላ አይሆንም። ኩፍኝ ላይ ብዙ ሰው ሲከተብ ያልተከተበውም በተዘዋዋሪ ይጠበቃል፤ ቴታነስ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚድነው በራሱ ደም ውስጥ ባለው ብቻ ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ ላይ በሩ እትብቱ ነው። እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ነገር ሲቆረጥ ወይም ቁስሉ ላይ አንዳች ነገር ሲደረግበት ባክቴሪያው ይገባል። እየደረቀ ያለው የእትብት ጫፍ አየር የማይደርሰው የሞተ ሥጋ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ መርዝ ያመርታል። መርዙ በነርቮች በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወጣና ጡንቻን "በቃ፣ ዘና በል" የሚለውን መልእክት ይዘጋል። ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀራል።

ምልክቱን ሁላችሁም ተምራችሁታል፤ ግን ቀኑን አስታውሱልኝ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደህና ይጠባል፣ ደህና ያለቅሳል። ከ3ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መጥባት ያቅተዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ገደማ ነው። አፉ አልከፈት ይላል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። ሕክምና ካላገኘ ሁሉም ማለት ይቻላል ይሞታሉ። ጥሩ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት እንኳ ማዳኑ ከባድ ነው። አንዴ ነርቭ ውስጥ የገባ መርዝን ፀረ መርዝ መድኃኒት አይደርስበትም። መድኃኒቱ የሚይዘው ገና በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቀናቱን አስተያዩ። በሽታው የሚመጣው በመጀመሪያው ወር ነው። የልጁ የራሱ ክትባት የሚጀመረው ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ወር ነው። ገና በተወለደበት ቀን ብንከትበው እንኳ ሰውነቱ በቂ መከላከያ ለማምረት ከአንድ ዶዝ በላይና ሳምንታት ያስፈልጉታል። አይደርስም። ስለዚህ ልጁ መከላከያውን ይዞ መወለድ አለበት። ይዞ የሚወለደው ደግሞ ከእናቱ ብቻ ነው።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። በ1890 (እ.ኤ.አ.) ቤሪንግና ኪታሳቶ የቴታነስን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር በደም ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፖል ኤርሊክ በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ እናት ያላት መከላከያ ወደ ልጆቿ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። ያኔ የተላለፈውን ነገር ዛሬ አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል እንለዋለን።

አንቲቦዲ ሁሉ ግን ወደ ልጁ አይሻገርም። ብዙዎቻችን ለእናቶች ስናስረዳ ይህን እንዘለዋለን፤ የቀኑ ነገር የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። የእናት ደም ውስጥ የተለያዩ የአንቲቦዲ ዓይነቶች አሉ። አይጂኤም የሚባለው መጀመሪያ የሚመረተው ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ወደ ልጁ አያልፍም። አይጂኤ ደግሞ በጡት ወተት፣ በተለይም በእንገሩ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ የልጁን አንጀት ይጠብቃል እንጂ ወደ ደሙ ገብቶ የቴታነስን መርዝ አይጠብቅም። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ደም የሚሻገረው አይጂጂ የሚባለው ብቻ ነው።

አይጂጂም ቢሆን ዝም ብሎ ሰርጎ አያልፍም፤ የሚሸከመው አለ። የእንግዴ ልጁ የላይኛው ሽፋን በእናት ደም ይታጠባል። የዚህ ሽፋን ሴሎች ከእናት ደም ትንንሽ ጠብታዎችን ወደ ውስጥ ይውጣሉ። የተዋጠው ጠብታ ያለበት ከረጢት አሲድነቱ ከፍ ይላል። በዚህ አሲድ ውስጥ ኤፍሲአርኤን የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን አይጂጂን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ሌላው ፕሮቲን ሲፈጭ በእሱ የተያዘው አይጂጂ ይተርፋል። ከረጢቱ በልጁ በኩል ሲከፈት አሲዱ ይጠፋል፣ ተቀባዩም አይጂጂውን ይለቀዋል። ከዚያ ተመልሶ ሌላ ይጭናል። ተሸካሚው ቁጥሩ የተወሰነ ጀልባ ነው ብላችሁ ብትነግሯት እናትየው ወዲያው ይገባታል። በአንድ ጊዜ የሚያሻግረው የተወሰነ ነው፤ ምልልሱም ጊዜ ይወስዳል።

ይህ ማሻገር የሚጀመረው በ13ኛው ሳምንት ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም አዝጋሚ ነው። በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ልጁ ያለው አይጂጂ ከእናቱ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር አንድ ቢሆን ነው። በ30ኛው ሳምንት አካባቢ ወደ ግማሽ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ይፈጥናል። ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ የሚወለድ ልጅ ከእናቱ እኩል፣ አንዳንዴም ከእሷ የበለጠ አይጂጂ ይዞ ይወለዳል። ትልቁ ክምችት የሚሞላው በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የተሟላ ክትባት ካላት እናት ቢወለድ እንኳ ያነሰ ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሰዓቶች አብረው ይቆጥራሉ። አንዱ የእናትየው ሰውነት አይጂጂ ለማምረት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው የተመረተው ወደ ልጁ ለመሻገር የሚፈጅበት ነው። የክትባቱ ቀጠሮ የሚያገናኘው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የመጀመሪያውን እንይ። ከዚህ በፊት ምንም ያልተከተበች እናት የመጀመሪያውን ዶዝ ስትወስድ ሰውነቷ ገና መተዋወቁ ነው። መልሱ ዘገምተኛና ትንሽ ነው። በአብዛኛው እናቱንም ልጁንም የሚጠብቅ መጠን ላይ አይደርስም። ሥራው ማስታወሻ መተው ነው፤ ይህን መርዝ የሚያውቁ ሴሎች ይቀመጣሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዶዝ ሲመጣ እነዚያ ሴሎች በቀናት ውስጥ ተባዝተው አይጂጂን በብዛት ያመርታሉ። ሁለተኛውን ከአራት ሳምንት በፊት ከሰጠነው የማስታወሻው ሥራ ስላላለቀ መልሱ ደካማ ይሆናል። ዘግይተን ብንሰጠው ለሰውነቷ ምንም አይደለም፤ የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ምክንያቱም መሻገሪያው ጊዜ ያጥረዋል። ሁለተኛው ዶዝ ከወሊድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቅደም አለበት የሚባለውም ለዚሁ ነው።

"አንዱስ አይበቃም?" የሚል ጥያቄ ከእናቶች ብቻ ሳይሆን ከባለሙያም ሰምቼ አውቃለሁ። አይበቃም። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ1961 (እ.ኤ.አ.) በኒው ጊኒ፣ በ1966 ደግሞ በኮሎምቢያ የወጡ ጥናቶች ነበሩ። በኮሎምቢያው ጥናት ግማሾቹ ሴቶች የቴታነስ፣ ግማሾቹ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወሰዱ። ሁለትና ከዚያ በላይ የቴታነስ ዶዝ ከወሰዱት እናቶች ከተወለዱ ልጆች መካከል አንድም በመንጋጋ ቆልፍ የሞተ አልነበረም። አንድ ዶዝ ብቻ የወሰዱት ግን ካልወሰዱት ጋር እምብዛም ልዩነት አልታየባቸውም።

አሁን አንዲት እናት እንውሰድ። ከዚህ በፊት ምንም አልተከተበችም እንበል፤ ካርድም የላትም፣ ስትጠየቅም አላስታውስም ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በ14ኛው ሳምንት ነው፤ እርግዝናዋን ለማረጋገጥ። "ገና ነሽ" ተብላ ተመለሰች። ሥራ በዛባት፣ ቀጠሮ አለፋት፣ በ34ኛው ሳምንት መጣች። የመጀመሪያው ዶዝ በዚያ ቀን ተሰጣት። ሁለተኛውን መስጠት የሚቻለው ከ38ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። በቀጠሮዋ ሳትዛነፍ መጣችና ወሰደች እንበል። ሁለት ሳምንት ሲጨመር 40ኛው ሳምንት ነው። ይህች እናት ልጇ ተጠብቋል ለማለት በትክክል እስከ 40ኛው ሳምንት ድረስ መቆየት አለባት ማለት ነው። በ39ኛው ብትወልድ አንድ ሳምንት አጠረ። በ37ኛው ብትወልድ ሁለተኛውን ዶዝ አልወሰደችም። ስንቷ ናት ልክ በ40ኛው ሳምንት የምትወልደው?

ያችው እናት በ14ኛው ሳምንት ስትመጣ ያኔውኑ ተወግታ ቢሆን ኖሮስ? ሁለተኛውን በ18ኛው ትወስዳለች። አንድ ቀጠሮ ቢያመልጣትና በ24ኛው ብትመጣ እንኳ ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ እስከ ወሊድ 16 ሳምንት አለ። ሰውነቷ ያመረተው አይጂጂ የእንግዴ ልጁ ዋና የማሻገሪያ ወራት ሲመጡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጁ በ35ኛው ሳምንት ቢወለድ እንኳ ባዶ እጁን አይወጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒት አይደለም፣ ገንዘብ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን "ገና ነሽ" የምትለዋ ቃል ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ግንኙነት፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ስጡ ነው። ክትባቱ ሕያው ተሕዋሲ የለበትም። በፎርማሊን መርዛማነቱ የጠፋ መርዝ ነው፤ ቴታነስን ሊያስከትል አይችልም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። ሊያስከትል የሚችለው ለአንድ ሁለት ቀን ክንድ ማመም፣ መቅላትና ማበጥ፣ አንዳንዴም ቀላል ትኩሳት ነው። ይህንን ቀድማችሁ ንገሯት። ያልተነገራት እናት ማታ ክንዷ ሲያብጥ ሌላ ነገር ታስባለች፤ ከዚያ ሁለተኛውን መርፌ እናጣለን።

ዘግይታ የመጣችውስ? በ38ኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችውን "አሁን ምን ዋጋ አለው" ብላችሁ እንዳትሸኙአት። ስጧት። ለዚህኛው ልጅ ላይደርስ ይችላል፤ ዶዙ ግን ተቆጥሮላት ለቀጣዩ ይሆናል። ሁለተኛውን ከወለደች በኋላ፣ ልጁን ለክትባት ስታመጣ ትወስዳለች። ለአሁኑ ልጅ ደግሞ ሌላው መንገድ አለ፤ ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ምላጭ፣ ንጹሕ ማሰሪያ፣ እትብቱ ላይ ምንም ነገር አለማድረግ። መዝገቡ ላይ "ልጁ አልተጠበቀም" ተብሎ ይጻፍ። እስከ 28 ቀን ድረስ መጥባት ካቆመ በዚያው ሰዓት እንድታመጣው ንገሯት። ወሊዱ ንጽሕና በሌለው ሁኔታ ከሆነ ለልጁ ፀረ መርዝ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይወስን። ማወቅ ያለብን ግን ከወለደች በኋላ ሳይሆን ከመውለዷ በፊት ነው።

ወደ ካርዱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚፈጠረው በመርፌው ሳይሆን በወረቀቱ ነው።

የቴታነስ ዶዞች በየእርግዝናው ከዜሮ አይጀመሩም፤ ይደመራሉ። ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቶ ወይም በቀጣዩ እርግዝና ይሰጣል፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ይጠብቃል። አራተኛው ከሦስተኛው ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ቢያንስ አሥር ዓመት። አምስተኛው ደግሞ ከአራተኛው ሌላ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። እሱን የወሰደች እናት የመውለድ ዕድሜዋን በሙሉ የሚሸፍን ከለላ አላት። ከዚህ በላይ ለቴታነስ ብሎ መውጋት አያስፈልግም።

በተግባር የሚሆነውን ግን እናውቃለን። እናትየው በመጀመሪያው እርግዝና ሁለት ዶዝ ወሰደች። ካርዱ በልጁ ካርድ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ወይም ከወለደች በኋላ ማንም አልፈለገውም። በሁለተኛው እርግዝና ሌላ ቦታ ሄደች፤ "የመጀመሪያ ዶዝ" ተብሎ ተጻፈላት። በሦስተኛውም እንደዚሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ተወግታ መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ ጀማሪ ናት። ብዙ መወጋቱ ክንዷን የበለጠ ከማሳመም በቀር ትልቅ አደጋ የለውም። የሚያናድደው ሌላው ጎን ነው። ሦስተኛ ዶዟ መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ ከስድስት ወር ቆይታ በኋላ አንድ መርፌ ብቻ ወስዳ ትሄድ ነበር፤ ሁለተኛውን ቀጠሮ ፍለጋ አትመላለስም። የተገላቢጦሹም አለ። "ክትባት ወስጃለሁ" ስትል ማን፣ መቼ፣ ስንተኛ ብለን ሳንጠይቅ እናልፋታለን። የወሰደችው ከአራት ዓመት በፊት አንድ ዶዝ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሕፃን ሳለች የተከተበችውም ይቆጠራል፤ ግን በጽሑፍ ማስረጃ ሲኖር ነው። በሕፃንነቷ ሦስት ዶዝ ብቻ የወሰደች እናት በአሁኑ እርግዝና ሁለት ያስፈልጋታል። አራት የወሰደች አንድ ይበቃታል። የተቋረጠ ክትባት ከጀመረበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀመርም። ይህንን ደጋግሜ የምጽፈው "ጊዜ ስላለፈ ከመጀመሪያው እንጀምር" የሚል ልማድ ስላለ ነው። የሰውነት ማስታወሻ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም፤ በዶዞች መካከል የቆየው ጊዜ የቱንም ያህል ቢረዝም ቀጣዩ ዶዝ ቀጣይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። የእናትየዋ የቴታነስ ካርድ ከእርግዝናው መዝገብ የተለየ፣ ዕድሜ ልክ የምትይዘው ይሁን። በላዩ ላይ "ስንተኛ ዶዝ" እና "ቀጣዩ ከዚህ ቀን ጀምሮ" የሚል ቦታ ይኑረው። ቀኑ ደግሞ በቁጥር ይጻፍ። "በወሩ" ማለት ለአንዷ 28 ቀን ነው፣ ለሌላዋ ወሩ ሲብት ነው፣ ለሌላዋ ደግሞ ሲመቻት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የሚመለከተው የልጁን የክትባት ክፍል ነው። እናት ልጇን ለመጀመሪያው ክትባት ስታመጣ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ልጅ ሲወለድ ከቴታነስ ተጠብቆ ነበር ወይ? ካርዷን አይቶ መልሱን ማወቅ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ዶዝ ከወሊድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ወስዳ ነበር? ወይስ ቀድሞ የወሰደቻቸው ዶዞች ጊዜያቸው አላለፈም ነበር? መልሱ "አልተጠበቀም" ከሆነ ያንኑ ቀን እናቲቱም ትከተብ። ስንት መርፌ እንደወጋን የሚናገር ሪፖርት በእጃችን ሞልቷል። ስንት ልጅ ተጠብቆ እንደተወለደ የሚነግረን ግን ይህ ጥያቄ ነው፤ በእርግዝና ክትትሉ ወቅት ያልመጡትንም እናቶች ስለሚያገኛቸው።

አሁን ደግሞ ልጁ የተቀበለው ምን ያህል እንደሚቆይ እንይ፤ እናቶች ይህን ይጠይቃሉ። ከእናቱ የመጣው አይጂጂ ልጁ የሠራው ስላልሆነ አይተካም። በየሦስት አራት ሳምንቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ አራት ሳምንትን እንያዝና፣ ልጁ ሲወለድ የነበረው መጠን 0.16 ዩኒት በሚሊ ሊትር ይሁን። በወሩ 0.08 ይሆናል፣ በሁለተኛው ወር 0.04፣ በሦስተኛው 0.02፣ በአራተኛው 0.01። ይህ የመጨረሻው ቁጥር መርዙን ማክሸፍ በሚለካው ምርመራ ዝቅተኛው መከላከያ ተብሎ የሚታሰበው ነው። አሁን ደግሞ 0.02 ይዞ የተወለደውን ልጅ አስቡ። እሱ በወሩ እዚያ ወሰን ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ወር ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። ዘግይቶ የተሰጠ ሁለተኛ ዶዝ የሚያመጣው እንዲህ ያለውን ስስ ከለላ ነው። በሁለቱም ልጆች ግን የእናት ስጦታ ያልቃል፤ የልጁ የራሱ ክትባት በቀኑ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። "እኔ ተከትቤ የለ፣ እሱ ምን ያደርግለታል?" ለምትል እናት መልሱ ይህ ነው።

ቀኑ ተጠብቆም መሻገሩ የሚደናቀፍበት ጊዜ አለ። ያለጊዜው መወለድን ጠቅሻለሁ። በእንግዴ ልጁ ውስጥ የተቀመጠ ወባ እና የእናት ኤችአይቪም የሚሻገረውን መጠን ይቀንሱታል። በእነዚህ ሁኔታዎች የእናት ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ አይጂጂ ብዙ ሊሆን ይችላል። ተሸካሚዎቹ ደግሞ ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ የቴታነሱ አይጂጂ ከሌላው ጋር ይጋፋል። ስለዚህ የወባ መከላከያና የኤችአይቪ ሕክምና ለእነዚህ እናቶች የክትባቱም ጉዳይ ነው። ለእነሱ ሁለቱን ዶዞች ቀደም አድርጎ መጨረስ ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈልጋል።

ማቀዝቀዣውን የምትይዙትንም አልረሳኋችሁም። የቴታነስ ክትባት ሙቀት ያን ያህል አይጎዳውም፤ ብርድ ግን ይገድለዋል። ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከበረደና በረዶ ከሆነ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይቋጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢቀልጥም ኃይሉን አይመልስም። ከተጠራጠራችሁ የመንቀጥቀጥ ምርመራውን አድርጉ። ከዚያው ባች አንዱን ብልቃጥ ሆን ብላችሁ አቀዝቅዛችሁ አቅልጡት። ከተጠረጠረው ጋር አብራችሁ አንቀጥቅጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተጠረጠረው እንደ በረደው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣል። በበረደ ክትባት የተወጋች እናት ካርዷ ሙሉ ነው፣ ልጇ ግን ባዶ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም በዓይን አይቶ አያውቅም።

አንድ የሚምታታ ነገር ላጥራ። በአንዳንድ አገሮች ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክትባት ከቴታነስና ከዲፍቴሪያ ጋር የትክትክ መከላከያም አለበት። እሱ በየእርግዝናው ይደገማል፤ የትክትክ አንቲቦዲ ከእናት ደም ቶሎ ስለሚቀንስ። አሜሪካ ውስጥ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ይመከራል። ብሪታንያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዚህ መንገድ ሕፃናትን ከትክትክ መጠበቅ ጀመረች። ይህን የሰማች እናት "እኔስ ለምን እስከ 27 ሳምንት አልጠብቅም?" ልትል ትችላለች። ያ ቀጠሮ የተቀመረው ቀድሞ ለተከተበችና ማስታወሻው ላላት እናት በአንድ ዶዝ ብዙ አንቲቦዲ ለማስነሣት ነው። ምንም ላልተከተበችው ግን ሁለት ዶዝና አራት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለእሷ ቀድሞ መጀመር ይሻላል። መልሳችሁ ከዚህ በላይ መርዘም የለበትም።

በመጨረሻ የምጠይቀው ለእናትየዋ የምንነግራትን ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ብትወዱ ውሰዱት፣ ባትወዱ አሻሽሉት፦ "እህቴ፣ ይህ መርፌ ለአንቺም ነው፣ ለልጅሽም ነው። የመጀመሪያው ሰውነትሽን ያስተምረዋል። ሁለተኛው መከላከያውን ያበዛዋል። ከዚያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጅሽ ይሻገራል፤ ለመሻገር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ቀን ተመለሺ፤ ብትዘገዪም አትቅሪ። ክንድሽን ትንሽ ያምሽ ይሆናል፤ አትደንግጪ። ይህን ካርድ ከወለድሽም በኋላ አትጣዪው።" ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መርፌውን እያዘጋጃችሁ ልትሉት ትችላላችሁ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምጠብቀው መልስ የስብሰባ አጀንዳ አይደለም። በመጀመሪያው ጉብኝት ለመከተብ የሚከለክል ወይም የሚያዘገይ የቃል ልማድ በክፍላችሁ ካለ እንዲቀር በጽሑፍ አሳውቁ። ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀን በቁጥር እንዲጻፍ እዘዙ። በልጁ የክትባት መዝገብ ላይም "ሲወለድ ተጠብቆ ነበር" የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩበት፤ ወሩ ሲያልቅ በዚያ ዓምድ ሥር ስንት "አይደለም" እንዳለ ቁጠሩና ከክትትል ክፍሉ ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩበት።

ከአክብሮት ጋር
ከአንዲት አዋላጅ ነርስ